ማንንም የማያስቀይም ግኝት

ጥሩ የውስጥ ኦዲት ግኝት ማለት ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ቡና የሚጋብዝበት ነው። ሁኔታ፣ መስፈርት፣ ምክንያት፣ ውጤትና የማሻሻያ ሐሳብ የሚባሉ አምስት ክፍሎች አሉት። አምስቱንም ሞልቶ ምንም ሳይናገሩ መውጣት ይቻላል፤ ሙያ ማለት ይሄ ነው።

አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ከጎንደር ደባርቅ ይመላለሳል እንበል። ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 25 ሊትር ይበቃዋል፤ በኩፖን የተቀዳለት ግን በየጉዞው 40 ሊትር ነው። በሩብ ዓመቱ 6 ጊዜ ከተመላለሰ 90 ሊትር ትርፍ ወጥቷል። ይሉኝታ የሌለው ኦዲተር ይህንኑ ከነሰሌዳው፣ ከነኩፖን ቁጥሩ ይጽፈዋል። ጨዋው ግን «በነዳጅ አጠቃቀም ላይ አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል» ብሎ ያልፋል። ይህቺ «አንዳንድ» የስንቱን እንጀራ እንዳቆየች!

መስፈርቱ «በመመሪያው መሠረት» ነው። የትኛው መመሪያ? አንቀጽ ስንት? ይህን መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው። ነገረኛው ታንኩን ጢም አስደርጎ ከሾፌሩ ጋር ደባርቅ ደርሶ ይመለስና እንደገና ያስሞላል። በሁለተኛው ሙሌት የገባው ሊትር የዚያ መንገድ ፍጆታ ነው፤ ዳገቱም አብሮ ስለተለካ ሰበብ አይኖርም። ጨዋው ወንበሩን ሳይለቅ ሾፌሩን ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ሊማሊሞ እኮ ነው፣ ነዳጅ ይጠጣል!» ይባላል፤ ይጽፋል። ሊማሊሞ ከደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማ የሚያወርደው ገደል ነው፤ መኪናው ደባርቅ ላይ ዞሮ ከተመለሰ ሊማሊሞን የት አገኘው? ኧረ ተዉት፣ ደግሞ በጂኦግራፊ እንጣላ?

ምክንያቱ «የውስጥ ቁጥጥሩ ደካማ በመሆኑ» ይሆናል። ክፍተት የተፈጠረው ክፍተት ስላለ ነው እንደማለት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከተበላሸ መቆየቱ፣ ኩፖን የሚሰጠው ሰውም የጉዞ መዝገቡን ራሱ መፈረሙ አይጻፍም። እሱ ከተጻፈ የሰው ስም ይመጣል፤ ስም ከመጣ ቡናው ቀረ።

ውጤቱ «መንግሥትን ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል» ነው። ነዳጁ ተቀድቶ ካለቀ በኋላም «ሊዳርግ ይችላል»። 90 ሊትሩን ደረሰኙ ላይ ባለው ዋጋ አባዝቶ ብሩን መጻፍማ ሰውን ማስደንገጥ ነው።

ማሻሻያው «ትኩረት ይሰጠው» ነው። ማን ይስጠው? እስከ መቼ? ቆጣሪው ይጠገን፣ የባለፈው ጉዞ መዝገብ በስምሪት ኃላፊው ሳይረጋገጥ አዲስ ኩፖን አይሰጥ፣ የትርፉ ሂሳብ ከሚመለከተው ሰው ይመለስ ብሎ ቀን መቁረጥ ለሥራ ባልደረባ አይገባም። ኃላፊውም «ግኝቱን ተቀብለናል፣ ወደፊት ይስተካከላል» ብሎ በደስታ ይፈርማል።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፋይል ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር ነው። ታዲያ የሽፋን ደብዳቤውንም ቀን መቀየር እንዳይረሳ፤ በዚህ የተያዙ አሉ።