አስጥቶ ማሳ መምረጥ

አንድ ልጅ «ለጀማሪ የበርበሬ ገበሬ 7 ምክሮች» የሚል የኢንስታግራም ካሮሴል ሠርቶ ስልኩን ሰጠኝ። የቡሬ ልጅ ነው፤ በርበሬ መሃል ያደገ።

«ጠንካራውን ምክር ሰባተኛ አደረግኩት» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«አምና በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበት ማሳ ላይ በርበሬ አትትከል።»

«ስድስተኛውስ?»

«ዛላውን ባዶ መሬት ላይ አታስጣ።»

«እንግዲያው የፍኖተ ሰላሙ ጀማሪ በርበሬውን አስጥቶ ሲያበቃ ማሳ ሊመርጥ ነዋ!»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው። ለጀማሪ ቁጥር ማለት የሥራ ተራ ነው፤ 1 ሲያይ መጀመሪያ የሚሠራው፣ 7 ሲያይ መጨረሻ የሚደርስበት ይመስለዋል። አጠውልግ ደግሞ አፈር ውስጥ ቆይቶ ይጠብቃል፤ ችግኙ ከተተከለ በኋላ የደረሰ ምክር ማሳውን አያስለውጥም።

«ታዲያ ጠንካራውን ፊት ላምጣው?»

«ተወው፤ ርእስህን አጥብበው። ስለ ማድረቅ ብቻ ጻፍ፤ እዚያ ተራው ብዙ አያጣላም።»

አምስት ቀረለት፦ በደንብ የቀላውን ልቀም፤ ነጠብጣብ ያለበትን ለይ፤ ሰሌን ላይ ሳሳ አድርገህ አስጣ፤ ማታ ከጤዛ ሸፍን፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ አትርጭ።

«ትልቁ የሰሌኑ ነው» አለ።

«አንዱን ብቻ ቢጥስ ከሌሎቹ ስንቱ ከንቱ ይሆናል? በዚህ መዝነው።»

ዝም ብሎ አሰበ። ሰሌኑን ቢተው አፈር ይነካዋል፣ ይሻግታልም፤ ሌላው ልፋት ግን በከፊል ይተርፋል። ደርቆ ዘሩ የሚንኳኳውን ዛላ ውኃ ቢረጭበት ግን መልቀሙም መለየቱም ማስጣቱም መሸፈኑም አብሮ ይጠፋል። ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ ወጥ ሲሠራ እሳት አይገድለውም።

«የውኃው መጨረሻ ይሁን!»

«ይሁን። ደካማውን ግን ሁለተኛው ላይ እንዳታስቀምጠው።»

«ለምን?»

«ኢንስታግራም ሽፋኑን አይቶ ላለፈ ሰው ሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። እዚያ የሰሌኑን አስገባ፤ የመልቀሙ መሃል ይግባ።»

«መልቀም ከማስጣት በኋላ? ተራው ተፋለሰ!»

ያዘኝ። ልጁ ምላሱም ዓይኑም ስል ነው። «እንግዲያው ቁጥሩን ገልብጠው፤ ከ5 ወደ 1 ቁጠር። ቁልቁል የሚቆጠር ቁጥር የሥራ ተራ አለመሆኑን ማንም ያውቃል፤ 1 ላይ ሳይደርስም አይተውም።»

«ሽፋኑ ላይ ‹የመጨረሻው ያስደነግጥሃል› ልበል?»

«ማስደንገጡን ለጅብ ተውለት። ‹ዛላህ ጆንያ ውስጥ እንዳይሻግት› በል፤ የፈራውን በስሙ ጥራለት። ደግሞ አራተኛው ላይ ‹ከላይ እንዳልነው› ብለሃል፤ አጥፋው። ሰው አንዷን ስላይድ ቆርጦ ነው በቴሌግራም ለወንድሙ የሚልከው፤ ወንድምየው ላዩን ከየት ያመጣዋል?»

«መጨረሻ ላይስ ‹ተከተሉኝ› ልበል?»

«ከስምህ ሥር በትንሹ ጻፋት፤ ስላይዱ የውኃው ነው።»