ሠላሳ ሰከንድ ናት፤ ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሩባት

እኛ የበዓል ቅናሽ ማስታወቂያ የምንጽፍ ሰዎች ነን። አዎ፣ ዜናው ሊጀምር ሲል ብቅ የምትለዋ፣ ቄጤማ የተጎዘጎዘባት፣ ጀበና የሚጨስባት፣ አንድ ሰው እየጮኸ ፍሪጅ የሚሸጥባት ነገር። ስትሰድቡን እንሰማለን። እውነታችሁን ነው። ግን እባካችሁ እኛንም አንድ ጊዜ ስሙን።

ያለችን ሠላሳ ሰከንድ ናት። ሠላሳ ሰከንድ ማለት ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ ሠላሳ አንድ አይሆንም፤ ጣቢያው ይቆርጠዋል። ይህን ለባለሱቁ እንነግራቸዋለን። እሳቸውም ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ነቅንቀው ሲያበቁ ከኪሳቸው ሁለት ገጽ የተጻፈ ወረቀት ያወጣሉ።

የዘንድሮው ወረቀት እንዲህ ይጀምራል፦ «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።» መልካም ሰላምታ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ቁጠሩት። የእኛ ቋንቋ በቃላት ቁጥር አይለካም፤ «አሸጋገራችሁ» ብቻዋን አንድ ዐረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ፊደል እንቆጥራለን። ተራኪው ሳይጣደፍ፣ ሰው እየገባው እንዲያነብ ከተፈለገ በሰከንድ አምስት ፊደል ገደማ ነው። «ስ» እና «ም» አንዳንዴ ስለሚዋጡ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ ግን አይደለም። ሰላምታው 38 ፊደል ነው። ስምንት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ እስካሁን የተሸጠ ነገር የለም።

ቀጥሎ አድራሻ ይመጣል። ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አትገኝም፤ በ«ፊት ለፊት»፣ በ«ጀርባ» እና በ«ጎን» ነው የምትገኘው። «መገናኛ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ካለው ባለ መስታወት ሕንፃ ጀርባ፣ ከባንኩ ጎን፣ ሁለተኛ ፎቅ።» 44 ፊደል፣ ዘጠኝ ሰከንድ! ከዚያ ሁለት ስልክ ቁጥር፦ ከዜሮ ዘጠኝ እስከ መጨረሻው ለአንዱ አምስት ሰከንድ፣ ለሁለቱ አሥር። ደምሩት። ሃያ ሰባት ሰከንድ ሄዷል። ለፍሪጁ፣ ለዋጋውና ለቅናሹ ሦስት ሰከንድ ቀርታናለች። ባለሱቁ ደግሞ ይህን ጊዜ ነው «አሥራ አንዱንም ዕቃ ጥሩልኝ» የሚሉት።

ያ እየጮኸ የሚያነበው ሰው ለምን እንደሚጮህና ለምን እንደሚሮጥ አሁን ገባችሁ? ተቆጥቶ አይደለም። ፊደል በዝቶበት ነው።

ስለ «እስከ» ደግሞ አታስነሡን። «እስከ 50% ቅናሽ» በሉ ይባላል። ሃምሳው በመቶ የትኛው ዕቃ ላይ ነው ስንል የሻይ ማንኪያ ላይ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል እንላለን። «እስከ ብያለሁ እኮ!» ይሉናል። ብለዋል፤ ግን ሃምሳው የግድግዳ ያህል ተጽፎ «እስከ» የጉንዳን ያህል ትሆናለች።

ሦስት ቀን ተለማምጠን፣ ሁለት ቀን ተኳርፈን፣ በመጨረሻ አንድ ዕቃ ብቻ፣ አንድ ዋጋ ብቻ፣ አንድ ቀነ ገደብ ብቻ የያዘች ስክሪፕት አስፈቀድን። ይችውላችሁ፦

ከ0 እስከ 4 ሰከንድ። ምስል፦ እናት የአሮጌ ፍሪጅ በር በጉልበቷ ገፍታ ትዘጋለች፤ በሩ ተመልሶ ይከፈታል። ድምፅ፦ ንግግር የለም፤ የበሩ ሲጥጥታ ብቻ።

ከ4 እስከ 9። ምስል፦ ገመድ ይዛ ትቆማለች፤ ልጇ አይቷት ፊቱን ይሸፍናል። ድምፅ፦ «ዘንድሮም በገመድ ልታስሩት ነው?»

ከ9 እስከ 16። ምስል፦ አዲሱ ፍሪጅ፤ 58,000 የሚለው ቁጥር ይሰረዝና 50,000 ብር ይተካዋል። ድምፅ፦ «ለእንቁጣጣሽ፣ ይህ ባለሁለት በር ፍሪጅ ሃምሳ ሺ ብር ብቻ።»

ከ16 እስከ 21። ምስል፦ ሁለት ወጣቶች አዲሱን ያስገባሉ፣ አሮጌውን ከነገመዱ ያወጣሉ። ድምፅ፦ «ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን፤ አሮጌውንም እንወስዳለን።»

ከ21 እስከ 25። ምስል፦ ልጁ በሩን በአንድ ጣቱ ይዘጋል፤ ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል። ድምፅ፦ «ቅናሹ እስከ ጳጉሜ አምስት ነው።»

ከ25 እስከ 30። ምስል፦ የሱቁ ስም፣ አድራሻና አንድ ስልክ፣ አምስቱንም ሰከንድ ሳይነቃነቁ። ድምፅ፦ «መገናኛ»፣ የሱቁ ስም፣ «መልካም አዲስ ዓመት።»

የሚነገረው ሁሉ ተደምሮ ከመቶ ፊደል ብዙም አያልፍም፤ ተራኪው ይተነፍሳል። የቀድሞውን ዋጋ ድምፁ አይጠራውም፤ ስረዛውን ዓይን ያየዋል። ስልኩን ማንም ሰምቶ አይይዝም፤ በጽሑፍ ቆሞ ከጠበቀው ግን ፎቶ ያነሣዋል። አንዳንዱ ተመልካች ደግሞ ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ በስልኩ ነው የሚያየን፤ ስለዚህ ዋጋውና ቀኑ በጽሑፍ ከሌሉ ለእሱ የታየው አንዲት ሴትና አንድ ገመድ ብቻ ነው።

አሁን ያልቅልናል አልን። አላለቀም።

ባለሱቁ «በዓል በዓል አይሸትም» አሉ። አዲሱ ፍሪጅ ሲከፈት ዶሮ ወጥ ይታይ፣ አንዲት ልጅም አደይ አበባ ትያዝ። እሺ። ቀረጻው ግን ነሐሴ 10 ነው። ነሐሴ 10 አደይ የለም፤ አደይ መስከረምን ጠብቃ ነው የምትፈካው፤ ማስታወቂያ ደግሞ መስከረምን አይጠብቅም። ፕላስቲክ አደይ ተገዛ። ነሐሴ 10 ደግሞ ፍልሰታ ነው። ዶሮ ወጡን የሠሩት እናት ጿሚ፣ ተዋናይዋ ጿሚ፣ ዳይሬክተሩ ጿሚ። ጨው ይብዛበት ይነስበት የቀመሰ የለም። መብራቱ ሥር ሲቆይ ገጹ ደረቀ፤ እንዲያብረቀርቅ በብሩሽ ዘይት ቀባነው። ማታ ላይ ሙስሊሙ ካሜራማናችን ብቻውን ቁጭ ብሎ በላው፤ እኛም ዳር ቆመን አየነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ፤ የበሩ ሲጥጥታ አንዴም ሳይሰማ ቀርቶ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ በር ተሠራ። የኤዲተሩ ቤት በር ነው። ከፍሪጁ በር ይበልጥ ይጮኻል።

ማስታወቂያዋ ተላለፈች። ሰው ገመዷን ወደዳት። ጳጉሜ 4 ስልካችን ጮኸ። ባለሱቁ ናቸው። ፍሪጁ አላለቀም፤ ቅናሹ እስከ መስቀል ተራዝሟል። ይህን ዓይነቱን ዱላ ከዚህ በፊት ስለቀመስን ቀኑን ሆን ብለን ለብቻው ዐረፍተ ነገር፣ ለብቻው ምስል አድርገነው ነበር፤ የምትቀየረው አራት ሰከንድ ብቻ ናት። ተራኪውን ደወልንለት፤ ጉንፋን ይዞታል። ይሁን፣ አራት ሰከንድ ነው፣ ሎሚ በማር ጠጥቶ ይምጣ አልን።

«እንግዲያው አንዴ ስቱዲዮ ከገባችሁ አይቀር» አሉ ባለሱቁ፣ «ያቺን ሰላምታ ከፊት ለፊት ሸጎጥ አድርጉልኝ። ትንሽ ነገር ናት።»