ሲሙ ወጣ፣ ቴሌግራሙስ?

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ደንበኛና ነጋዴ ያልተጠፋፉት በስልክ ነው። ድሮ ሰው ቢጠፋ መደቡ ጋ ሄዶ መጠየቅ ነበር። ዛሬ የዱቤው ሒሳብ፣ የጭነቱ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኙ ሁሉ ያለው ቴሌግራም ውስጥ ነው።

የማውቃቸው አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ፒያሳ ላይ ስልካቸውን እያወሩበት ተነጠቁ። ሲሙ የወጣው በወንድማቸው ስም ስለነበር መታወቂያቸውን ይዘው ቢሄዱም «ባለስሙ ይምጣ» ተባሉ። ወንድምየው ከአዳማ ሥራ ፈትቶ መጣ፤ ቁጥሩ ተመለሰ። ችግሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

አዲሱ ስልክ ላይ ቁጥሩን ስናስገባ ኮዱ ተልኳል ይላል። «ልጄ፣ የታለ ታዲያ?» ይሉኛል። ኮዱ የሄደው ወደ ሌባው ነው! ቴሌግራም ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ ካለ ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ሰዓቱ ቆጥሮ እስኪያልቅ ጠብቀን በኤስኤምኤስ እንዲልክ አደረግን። ገባን፤ ጽሑፉም ፎቶውም በሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ሁሉም ተመለሰ። የማይመለሰው በሚስጥር ቻት የተጻፈው ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋው ስልክ አይወጣም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ሌባውን ለማስወጣት Settings ገብተን Devices ስንከፍት አዲስ የገባ ስልክ የቆየውን ማስወጣት አይችልም ይለናል። ሃያ አራት ሰዓት መሞላት አለበት። ክልከላው ኮድ ሰርቆ የገባ ሰው ባለቤቱን እንዳያባርር የተበጀ ነው፤ ይገባኛል። እዚህ ግን የአካውንቱ ባለቤት አዲስ ገቢ፣ ሌባው ነባር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በእሳቸው ስም «ብሩን በዚህ አካውንት አስገቡልኝ» እያለ ለደንበኞቻቸው ሲጽፍ አደረ። እሳቸው ደግሞ ወደሚያስታውሱት ቁጥር ሁሉ እየደወሉ «እኔ አይደለሁም» ሲሉ አመሹ።

ቁጥራቸው ሳይሠራ ቆይቶ ለሌላ የተሸጠባቸውስ? አዲሱ ገዢ ቴሌግራም ሲከፍት ኮዱን በገዛ ሲሙ ይቀበላል፤ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካልተደረገበት የቀድሞውን ሰው ቻት ከነዱቤው ያገኘዋል። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ባለቤቱ ከረሳው፣ ኢሜይል ካላስያዘና ቴሌግራሙ ሌላ ስልክ ላይ ክፍት ካልሆነለት ሰባት ቀን ጠብቆ አካውንቱን ከነቻቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ብቻ ነው የሚቀረው። አሮጌው ስልክ ላይ ቴሌግራሙ ገና ክፍት የሆነለት ሰው Change Number በሚለው ወደ አዲሱ ቁጥሩ ሁሉንም ይዞ መሻገር ይችላል። ይህን ግን ሲም ሲሸጡልን የሚነግረን የለም፤ የምንሰማው ቁጥሩ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው።