ሳልሰማ ያልኩት አሜን

ስልኬ ላይ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚሆን ድምፅ አለ። መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ አየር ጤና ካለው ቤታችን ወደ ጀርመን ለትምህርት ስሸኝ አያቴ እቴቴ የመረቀችኝ ምርቃት ነው። «ቀድቼ ይዤዋለሁ» እያልኩ በየሰዉ ፊት ስመጻደቅበት ከረምኩ። ከዳር እስከ ዳር ያዳመጥኩት ግን ከሦስት ወር በኋላ፣ ላይፕዚግ ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ነው። እቴቴን ልሰማ ከፍቼ ራሴን ሰማሁት።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው። አየር መንገዱ የሚፈቅድልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ ከ23 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ቤት ውስጥ ሚዛን ስላልነበረን፣ አየር ጤና አደባባይ አጠገብ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን አንድ ልጅ ከነሚዛኑ ተከራይቼ መጣሁ። መጀመሪያ ባዶ እጄን ወጣሁ፤ 61። ሻንጣውን ታቅፌ ወጣሁ። ሻንጣው ሚዛኑን ስለሚጋርደኝ ልጁ አጎንብሶ አነበበልኝ፤ 86። ስቀንሰው 25 ሆነ። ሁለት ኪሎ ትርፍ ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ደግሞ ልክ የእቴቴ ንጥር ቅቤ ነበር፤ በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ያነጠረችው፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በአሮጌ ነጠላ ደግማ፣ በገመድ ያሰረችው።

ቅቤውን አወጣሁ። ለእኅቴ በጓዳ በር አቀበልኳትና «ደብቂው» አልኳት። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ንጥር ቅቤም ከዚያው ይቆጠራል፣ ጉምሩክ ቢያገኘው ወስዶ ያስወግደዋል፣ ሽሮና በርበሬ ግን ያልፋሉ ብዬ አስረዳለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ያን ማታ ግን ከዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር። ቅቤውን ያወጣሁት ሁለተኛውን ስኒከሬን ላለመተው ነው። ሕጉን ካወቅኩ ወዲህ ግን እንደ ጥሩ ጠበቃ አስከትዬው እዞራለሁ።

ቡናው ተፈላ። እኔ አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ፈለግሁ። ጎረቤታችን ሚኒባሱን አስነሥቶ በር ላይ ቆሟል፤ በቀለበት መንገዱ፣ በመካኒሳ በኩል አድርገን ቦሌ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመን መድረስ አለብን። እቴቴ ግን ምርቃት ያለው በረካው ላይ ነው ብላ ንቅንቅ አላለችም። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ማን ይመርቃል? ቶናውን ቆሜ ጠጣሁ። በረካውን እንዴት እንደጠጣሁት አላስታውስም፤ ምላሴ እንደተቃጠለ ብቻ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ጉልበቷን ስሜ ጎንበስ አልኩ። ቤተሰቡ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። እሷ እጇን ራሴ ላይ ጭና፣ እትፍ እትፍ ብላ ጀመረች። ልጁ ደግሞ ሳይመሽበት ሊሄድ ቸኩሎ ነበርና ሁለተኛውን ሻንጣ በቁሙ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ማለት ሚዛን ለማንበብ ይህን ያህል እንደሚመች አላውቅም ነበር።

እቴቴ ስትመርቅ ቅደም ተከተል አላት። እሷ ራሷ የምትሰጠው ነገር የለም፤ ሁሉንም ከእግዚአብሔር ነው የምትጠይቀው፤ ይጠብቅህ፣ ያድርስህ፣ ይመልስህ። መጀመሪያ መንገዱን ትይዛለች፤ «በሰላም ያግባህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላህ ትሁን።» ቀጥሎ ጤናውን፣ ከዚያ ሰውን፤ «መልካም ሰው ያጋጥምህ፣ የምትናገረው ይሰማልህ፣ ባዕዱ ዘመድ ይሁንልህ።» ከዚያ ትምህርቱ መጣ። ለቪዛው ሲባል 11,904 ዩሮ ዝግ ሒሳብ ውስጥ መቀመጡንና በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ እንደሚለቀቅልኝ ሲወራ ሰምታ ኖሮ፣ «የታሰረብህን ብር ይፍታልህ» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳይስቅ አሜን አለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ በየወሩ ሲደርስልኝ የማየው ይህንኑ ነው።

የእኔን አሜን ስሙልኝ። አንዳንዱ ከቃሉ ይቀድማል፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ከሚቀጥለው ጋር ይጋጫል። ግማሽ ደቂቃ ያህል አሜኑን በየሁለት ሰከንዱ እለቀዋለሁ፤ እሷ ለትንፋሽ ስታርፍ እንኳ አሜን ነው። በአራተኛው ደቂቃ ላይ እቴቴ ምርቃቷን አቋርጣ፣ «ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዘሃል?» ስትል ይሰማል። የእኔ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ «አሜን!» ይላል። ብርድ ልብሱን አልያዝኩም ነበር። ላይፕዚግ በኅዳር ምን እንደምትመስል ያየ ሰው ይፍረደኝ።

ሌላም አለ። እቴቴ ብዙውን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ትላለች። ያኔ «እቴቴ አረጀች፣ ያለችውን ትረሳለች» ብዬ በልቤ አዘንኩላት። እንዴት ያለ ርኅሩኅ ልጅ ነኝ!

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ ግን ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «ቀባሪዬ ያድርግህ» ትላለች። ለእቴቴ ትውልድ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው፤ እኔን ሳይሆን አንተን ያኑርልኝ፣ ባሕር ማዶም ብትሆን ለቀብሬ ያድርስህ እንደማለት። አሜን የሚል የለም። የቤቱ ሰው ተከዘ መሰለኝ። እኔም ጸጥ ብያለሁ። ይህን ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ዝም ብላ ትቆይና ወደ ትዳሬ ትሻገራለች።

የገና ዕለት ደወልኩ። ከሰላምታው በኋላ ጠየቀች፤

«ቅቤውስ ልጄ?»

«እየበላሁት ነው እቴቴ፤ አላልቅ ብሎኛል።»

«እሰይ! እኛም እየበላነው ነው። ዛሬ ዶሮውን የሠራነው በእሱ ነው።»

ከኋላዋ እኅቴ ስትስቅ ሰማሁ። መስከረም ሳይወጣ ነበር ያገኘችው፤ እኅቴ የደበቀችው እቴቴ በየቀኑ በምትከፍተው የሽሮ ዕቃ ውስጥ ነው። በዘራችን መደበቅ የሚችል ሰው የለም።

አንዴ ከተጋለጥኩ ብዬ ስለ አሜኑም ተናዘዝኩ። ቀድቼው እንደነበር፣ ሳልሰማ ስል እንደነበር፣ ለብርድ ልብሱ ሳይቀር። አልገረማትም።

«ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሳትሰማ አሜን ትላለህ። ታዲያ ሁለት ሁለቴ የምለው ለምን ይመስልሃል? በአንደኛው ካልሰማህ በሁለተኛው ትሰማለህ ብዬ ነዋ።»

ያረጀችው እሷ አልነበረችም ማለት ነው። ያንን አንዴ ብቻ ያለችውንስ ለምን እንዳልደገመችው ጠየቅኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«እሱንማ ሰማኸኝ» አለች፤ «አሜን ሊወጣህ አልቻለም። ሆድህ ሲባባ አየሁና ተውኩት። ደግሜ ላስለቅስህ?»

ድምፁን መልሼ ከፈትኩት። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ፣ እሷ ዝም ባለችበት ቦታ፣ ከሥር የልጁ ሹክሹክታ ይሰማል፤ «ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ልክ።» ቀጥሎ የእኔ ረዥም የእፎይታ ትንፋሽ።

ለእቴቴ አልነገርኳትም።