አንበሳ በጥሊሊ

በጥሊሊ ብርድ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደጅ የሚቆም ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥበቃና ላይቭ የገባ። ጥበቃው ጋቢውን ደርቦ እሳቱን ይሞቃል። ላይቭ የገባው ግን ጋቢ ካሜራ ላይ ስለማያምር በቲሸርት ይንቀጠቀጣል። ደጅ ያወጣው ኔትወርክ ነው፤ ከቤት ውስጥ ይልቅ አጥሩ ጥግ ይሻላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የጎረቤቴ ልጅ «አንበሳ! አንበሳ መጣ!» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ ተነሣ። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ዱላና ባትሪ ይዘው ወጡ። ልጁ ስልኩን ወደ እሳቸው አዙሮ «ጋሼ፣ ከሪያድ ነው የመጣው» አላቸው። እሳቸውም ዱላቸውን ሳያወርዱ «በየት በኩል?» ብለው ጠየቁ።

አንበሳው የቲክቶክ ስጦታ ነው። ዋጋው 29,999 ኮይን ነው። ሪያድ ያለችው ላኪ ይህን ያህል ኮይን በስልኳ ስትገዛ ወደ 400 ዶላር ታወጣለች። በሪያል 1,500 አካባቢ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያና በሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥታት ስምምነት ለቤት ሠራተኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ የወር ደሞዝ 1,000 ሪያል እንደሆነ ለሚያስታውስ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አግሥቶ የጠፋው አንበሳ የአንድ ወር ተኩል ወለል መወልወልና ልጅ ማባበል ነው። ያ ሁሉ ግን ለልጁ አይደርሰውም። ኮይኑ እሱ ዘንድ ሲደርስ ዳይመንድ ይባላል፤ 200 ዳይመንድ ሲመነዘር አንድ ዶላር ነው። አንበሳው ቢበዛ 150 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ቀሪውን ቲክቶክና የስልኩ መተግበሪያ መደብር ይካፈሉታል። ይህን የሚጠራጠር ካለ፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የሶርያ ተፈናቃዮችን ላይቭ ሲመረምር ራሱ 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ልኮ በተቀባዩ አካውንት ያገኘው 33 ዶላር ብቻ ነበር።

150ው ዶላር ደግሞ ገና ጥሊሊ አልገባም። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ለመላክ እንጂ ለመቀበል ስለማይሠራ፣ ገንዘቡ በውጭ አገር ዘመድ ስም ይወጣል። የጎረቤቴ ልጅ ዘመድ ዋሽንግተን ያለ የአጎቱ ልጅ ነው። ሲሦውን «ለድካሜ» ይላል። የደከመበትን ነገር እስካሁን የጠየቀው የለም። ቀሪው በዶላር 150 ብር ቢመነዘር 15,000 ብር እንጅባራ ባንክ ይደርሳል። ደግ ገንዘብ ነው፤ ድንች ተሸክሞ አይገኝም። ችግሩ አንበሳ የሚመጣው እንደ ሠርግ መሆኑ ነው። በሌላው ቀን የሚመጣው ጽጌረዳ ነው፤ አንዷ አንድ ኮይን። በአንድ ሰዓት 400 ጽጌረዳ የዘነበለት ልጅ «ዛሬ አበባ በአበባ ሆንኩ» ብሎ ይተኛል፤ ያገኘው ሁለት ዶላር ነው፤ ያውም የአጎቱ ልጅ ሳይደክምበት።

ታዲያ አንበሳውን ምን ያመጣዋል? ባትል ያመጣዋል። ሁለት ላይቭ የገቡ ሰዎች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው ለአምስት ደቂቃ ይፋለማሉ። ነጥቡ በአብዛኛው የተላከላቸው ኮይን ነው። የኛው ሰው የሐዋሳ ልጅ ገጥሞት እንደሆነ መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ምንም አይፈጠርም፤ ሁለቱም «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ ስክሪኑን ንኩ» እያሉ ይጮኻሉ። ዋናው ላኪ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሊያልቅ አሥርና ሃያ ሰከንድ ሲቀረው ነው ትልቁን የሚጥለው፤ ቀደም ብሎ ቢጥል የማዶው ደጋፊ መልስ ይሰጣላ። ኔትወርኩ የሚቆመውም በዚያችው ሰዓት ነው። ላይቭ የሚፈልገው የማውረድ ፍጥነት ሳይሆን የመስቀል ፍጥነት ነው፤ ቪዲዮ ያለችግር የሚያሳይ ስልክ ላይቭ ላይ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ልጁ ግን 4,000 ብር ያወጣው ለቀለበት መብራት ነው። ፊቱ እንደ ጨረቃ እያበራ፣ አፉ እንደተከፈተ ደርቆ፣ ነጥቡ ከጎኑ ሲቆጠር አይቻለሁ።

የተሸነፈ ዱቄት ፊቱ ላይ ይደፋል፣ ወይም ቁጭ ብድግ ይሠራል። የሚያስቀኝ እዚህ ላይ ነው። የተሸነፈው የተላከለት ዳይመንድ አይወሰድበትም፤ ያሸነፈውም ከእሱ የሚያገኘው ነገር የለም። ከሁለቱም ወገን ድርሻውን የወሰደው ቲክቶክ ዱቄት ሲነካው አላየንም። ላኪዋ ደግሞ ከስሟ ጎን ሌቭሏ ይጨምርላታል፤ እስከ 50 ይደርሳል። በአሠሪዋ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም ይሆናል፤ እዚህ ግን ሁለት መቶ ሰው ፊት «ንግሥታችን ገባች!» ይባልላታል። ምን እንደምትገዛ የማታውቅ አይምሰላችሁ።

ሰዓቱንም የሚወስኑት ላኪዎቹ ናቸው። ሪያድና ጥሊሊ ሰዓታቸው አንድ ነው። ሥራ የሚያበቃው ከምሽቱ አራት፣ አምስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ የዐረብ አገር ተመልካች ያኔ ይገባል። የዋሽንግተን ሰው ከሥራ ገብቶ ሶፋ ላይ ጋደም ሲል እኛ ዘንድ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው። ሁለቱንም እይዛለሁ ያለ ልጅ ዶሮ ሲጮህ «ቤተሰቦቼ አትውጡብኝ» እያለ ነው የሚነጋበት። አንድ ሳምንት ገብቶ አንድ ሳምንት የጠፋ ግን ተመልካቹ ሌላ ቤት ይለምዳል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ስንቱ ከዜሮ እንደጀመረ የሚያውቁት ያውቁታል።

ላይቭ ለመግባት በአብዛኛው 1,000 ተከታይ ይጠየቃል። ይህን «ተከተለኝ ልከተልህ» እየተባባለ የሚሞላ አለ፤ በሩ ይከፈትለታል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ከኅዳር 2015 ጀምሮ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ላይቭ መክፈት አይችልም፤ በታላቅ ወንድሙ ስም የከፈተው ደህና ገንዘብ ሲያገኝ መታወቂያ ይጠየቅና ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ስልኩን ማስቀመጫው ላይ ተክሎ እራት ሊበላ የሚሄድም አለ። ሰው የሌለበት ላይቭ ጥራት እንደሌለው ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ለአዲስ ሰው መታየቱን ያቆማል። ተመልካች ከ80 ወደ 6 ድንገት ከወረደ ምቀኛ ሳይሆን ይኼ ነው።

ያለ ባትል የሚሠራም አለ። አንዲት ልጅ በገበያ ቀን ስልኳን ይዛ ድንች ተራ ትዞራለች፤ በአውኝኛ ዋጋ ትጠይቃለች፣ በአማርኛ ለተመልካች ትነግራለች። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ እንጅባራ ሄዳ ፈረስ ታሳያለች። «ካሜራውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሪልኝ» የሚላት ሰው አንበሳ አይልክም፤ በየሳምንቱ ግን ይመጣል፣ ጽጌረዳውንም አይረሳም። የጎረቤቴ ልጅ ይህን «የሽማግሌ ላይቭ» ይለዋል።

በቅርቡ እሱ ከሐዋሳው ልጅ ጋር ሊፋለም ሲል እናቱ ቡና ይዘው ካሜራው ውስጥ ገቡ። የሪያዷ ልጅ «እማማ እንደምን አመሹ» ብላ ጻፈች፤ አነበበላቸው። «እንደምን አመሸሽ ልጄ፣ እራት በልተሻል?» አሉ። ተመልካቹ ከ60 ወደ 300 ወጣ። ልጁ ደስ ብሎት «እማዬ፣ አንበሳ እንድትልክልን በያት» አላቸው። «ስንት ነው አንበሳው?» ብለው ጠየቁ፤ ነገራቸው። ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው «ልጄ፣ እናት የለሽም? ለእሷ ላኪላት እንጂ» አሉ። ድምፁን ለማጥፋት ቢሯሯጥም ተሰምቷል።

ያን ምሽት በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ዱቄቱን የደፉበት እናቱ ናቸው፤ የገብስ ዱቄት ስለሆነም ከሥሩ ሰፌድ ዘርግተው ነበር።