ውድ ደንበኛችን፣ ሰሊጥዎ እንዴት ነው?

መተማ ላይ የነጋዴ ፍቅር የሚበስለው ከሰሊጥ ጋር ነው። ሰሊጥ ዝናቡ ሲረጋ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ መስከረም መገባደጃና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል፤ ነዶው ቆሞ ደርቆ ይራገፋል። ነሐሴ ላይ ገበሬው ለአረም ሠራተኛ የሚከፍለው አጥሮት ብድር ሲያፈላልግ ስልኩ ጭጭ ይላል። ኅዳር ገብቶ ብሩ እጁ ሲደርስ ግን እንኳን አደረሰህ የሚለው ይበዛል። ገና የሚውለው በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሆነ ለነጋዴ እንዲህ የሚመች በዓል የለም። አንዳንዱ ምኞቱን ሳይጨርስ «ቁጠባዎን ከእኛ ጋር» ብሎ ይገባበታል፤ ሌላው ለበዓሉ ብሎ የሞተር ሳይክል ዋጋ ይደረድራል።

የገናውን ካርድ ያየ ደግሞ ይስቃል። በረዶ የተነሰነሰበት ጥድ፣ አጋዘን፣ ቀይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ። መተማ ላይ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ የሚሄድ ሰው ቢታይ ወባ አንቀጥቅጦት ነው ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ ማንም ስጦታ አይጠብቅበትም። ለዒድ የሚላከው ጨረቃና መስጊድ አለበት፤ ጽሑፉ ግን «ለመላው የእስልምና እምነት ተከታዮች በሙሉ» ይላል። «መላው» ካለ «በሙሉ» ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ዘይት ሲገዛ የኖረው ጎረቤት ሐጂ እንጂ «መላው» አይደለም። እዚህ አገር ክርስቲያኑ በዒድ፣ ሙስሊሙ በፋሲካ ቤት ለቤት ይጠያየቃል፤ በር ላይ ቆሞ «ለመላው» የሚል ግን አላየሁም።

አንዱ ጣጣ ከስልኩ ነው። አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ 70 ብቻ። ለዚህ ነው ብዙዎች ሒሳብ ለመቆጠብ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚልኩት፤ አያቶቻችንም የልጅ ልጅ ጠርተው ያስነብባሉ። ለግዕዙ የቆረጠውን ድርጅት ደግሞ እንመልከት፦ «ድርጅታችን ለመላው ውድ ደንበኞቻችን በሙሉ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላምና በጤና አደረሳችሁ»። ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 67 ነው። ሦስት ቦታ ቀረችው፤ ላኪው ማን እንደሆነ ለመጻፍ እንኳ አትበቃም። አንድ ሰው «እንኳን አደረሰህ» ሲለን «እንኳን አብሮ አደረሰን» ማለት ደግሞ ልማዳችን ነው። የድርጅቱ መልእክት ለሚመጣበት ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ግን ቢመልሱለት የሚሰማ የለም። መልስ የማይቀበል ምርቃት አዋጅ ነው።

ገንዳ ውኃ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ፣ ሸራና ከረጢት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ጎንደር የሚማር የእህቱ ልጅ ማስታወቂያ አዘጋጀለት፦ አደይ አበባ፣ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች፣ ከሥር «በዓሉን ምክንያት በማድረግ በሸራ ላይ ልዩ ቅናሽ»። ነጋዴው አየት አደረገና «ይሄን ልኬ ያበደርኳቸው ሰዎች ምን ይላሉ?» አለ። እውነቱን ነው። ከደንበኞቹ ግማሾቹ በክረምቱ ዕቃ በዱቤ ወስደው የሚከፍሉት ሰሊጡ ሲሸጥ ነው። ዱቤ ያለበት ሰው በበዓል ዋዜማ የነጋዴ ስም ስልኩ ላይ ሲያይ ምርቃት ሳይሆን ማስታወሻ የመጣበት ይመስለዋል፤ «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን አንብቦ «መቼ ትከፍላለህ?» የሚለውን ይፈልጋል።

«እናንተ ባትኖሩ እኛ የለንም ብለህ ጨምርበት» አለው ልጁ።

«ይህን የሚል ነጋዴ ዕዳ ሊጠይቅ ነው» አለ አጎት።

ስለዚህ ሥዕሉ ቀረ፣ ቅናሹ ቀረ። በስተመጨረሻ የሄደችው ይህች ናት፦ «እንኳን አደረሳችሁ። ነገ ሱቁ ዝግ ነው፤ እርሻ ላይ ያላችሁ በሰላም ግቡ። የመለዋወጫው ሱቅ»። ከ60 ፊደል አታልፍም፤ በአንድ መልእክት ሒሳብ ገባች። ሱቁ ዝግ መሆኑን ማወቁ ለቋራ ሰው ይጠቅመዋል፤ በጭቃ መንገድ ተጉዞ የተዘጋ በር አይጠብቀውም። እርሻ ላይ ላለው ደግሞ በዓሉን ቤቱ እንደማይውል ያወቀለት ሰው ተገኘ። ገላባት ላሉት ሱዳናውያን ደንበኞቹ ጽሑፍ አልላከም፤ በተሰባበረ ዐረብኛ ድምፁን ቀዳ፤ ሳሉም ሳይቆረጥ አብሮ ሄደ። ሁሉም የተላከው ከራሱ ስልክ ነው፤ የፈለገ መልሶ ይደውላል።

ደወሉም። ጻፉም። ልጁ አጎቱ አጠገብ ተቀምጦ መልሱን ያነብለት ነበር፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን»፣ «ዓመት ዓመት ያድርስልን»፣ «ቤት ነህ? ጠጅ አለ?»። ከመካከላቸው ግን አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን ወንድሜ። ሸራው ስንት ገባ?»

ልጁ በድል ፈገግ አለ። አጎት ስልኩን ተቀበለውና «ከነገ ወዲያ» ብሎ መለሰ።