ቢቸና የቀረው የመልስ ቁልፍ

የፈተና ሰዓት ሊያልቅ ሲል የተጻፈ መልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ፊደሉ መስመሩን ጠብቆ ይቆማል። ወደ ታች ሲወርድ ይጋደማል፣ እርስ በርሱ ይነካካል፣ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ!» ያለባት ቅጽበት ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሞጣ ድረስ ተከትሎ፣ ያውም ድግስ ቤት፣ መከራዬን ያሳየኝ እንዲህ ያለ መልስ ነው። ቡናችሁን ያዙና ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

የማስተምረው ቢቸና ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ተፈትኖ ውጤት ሰኞ መግባት አለበት። የአጎቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ደግሞ እሑድ ሞጣ ላይ ነው። ክርስትና እንደ ሰርግ ወዲያ ወዲህ አይባልም፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የተማሪዎቹን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ እያረምኩ ብሄድ ማታ ከዘመድ ጋር በሰላም እጫወታለሁ ብዬ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ጥቂት ወረቀት አረምኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት እናት ዶሮ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዶሮዋ ቀይ እስክሪብቶውን ጠላችው መሰለኝ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ትነቁረኛለች፣ እሳቸውም «ይቅርታ ልጄ፣ አታውቅህም እኮ» እያሉ ደጋግመው ያጽናኑኛል። ወረቀቱን ሰብስቤ ታቀፍኩት። ሞጣ ደርሼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ በልቼ፣ ፌስታሉን ስፈታ የመልስ ቁልፉ የለም። ቢቸና፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ምርጫና እውነት/ሐሰት ቢሆን ያለ ቁልፍም ይታረማል። የእኔ ጣጣ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ አጭር መልስ፣ 6 ነጥብ። «በደጋ አካባቢ የእርሻ መሬት አፈር በጎርፍ የሚታጠብባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጥቀስ፤ እያንዳንዱ ምክንያት አፈሩን እንዴት እንደሚያስጠርግ አስረዳ» ይላል። ከ4000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጮቄ ተራራ ሥር ለሚኖር ልጅ ከደጁ የወጣ ጥያቄ ነው። ጎርፉ በየክረምቱ አፈሩን ይዞ ወደ ዓባይ ሲወርድ እያየ ነው ያደገው።

አሁን አንዱን ወረቀት ልግለጥላችሁ። ልጁ የጻፈው እንዲህ ነው፦ «ደን ስለተመነጠረ። ዛፍ ከሌለ ዝናቡ ባዶ መሬት ይመታል አፈሩን ያላላል ጎርፍ ይወስደዋል። ቁልቁል ሲታረስ ትልሙ ውሃ»፤ እዚያ ላይ ተቋርጦ፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ ተኮራምታ «ዳገት» የምትል አንዲት ቃል ተጽፋለች። በቃ። እኔ አሁን አስተካክዬ ጻፍኩት እንጂ ወረቀቱ ላይ እንዲህ አይነበብም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያየሁት «ቁልቁል ሊታረስ» የሚል ትርጉም የለሽ ነገር ነው። 2 ሰጥቼው ነበር።

ጎኔ የተቀመጠችው የአጎቴ ልጅ እሷም አስተማሪ ናት። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና «ወንድማለም፣ ይኼማ 3 ነው፤ ሦስት ነገር ነክቷል» አለች። ጡረታ የወጣው አጎቴ ጋሼ ደግሞ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ «ልጁ ያውቀዋል እኮ! ሰዓት አነሰው እንጂ። 6 ስጠው» አለ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ከጮቄ ወገን የመጡ አንድ ገበሬ ጠላቸውን አስቀምጠው «ለመሆኑ መልሱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ፣ አስተማሪው እኔ፤ ቁልፉ ደግሞ ቢቸና። «እ... ያው...» ስል ሰውዬው ራሳቸው አወረዱት፦ ዛፉ ሲያልቅ፣ ከብቱ ሣሩን ነጭቶ ሲጨርሰው፣ ዳገቱ ሽቅብና ቁልቁል ሲታረስ። አግድም ያረሱት መሬት ትልሙ ውሃውን ይይዘዋል፣ ቁልቁል ያረሱት ግን ለውሃው መንገድ ይሠራለታል አሉ። እንግዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

አንድ መልስ፣ ሦስት አራሚ፣ 2 እና 3 እና 6። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርች እና ኤሊዮት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ላኩ። 142 አስተማሪዎች አርመው መለሱላቸው። ያው አንድ ወረቀት ከመቶ ከ64 እስከ 98 ድረስ አገኘ። ያስተማሩትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ያረሙት። ነጥቡ ለምን ለምን እንደሚሰጥ ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ለሐሳቡ፣ አንዱ ለንጽሕናው፣ አንዱ ለሰዋስው።

እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። የእኔ 2 የእጅ ጽሑፉ ዋጋ ነበር፤ ለማንበብ የደከምኩበትን ከልጁ ላይ ቆረጥኩ። የጋሼ 6 ደግሞ ያልተጻፈውን በልቡ ጽፎ የጨረሰበት ነው። ሐሳቡ ትክክል የሆነ ነገር ግን የጎደለ መልስ አራሚን የሚጥለው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው፤ ወይ ያለውን አያይለትም፣ ወይ የሌለውን ያይለታል።

ጋሼ ዘመኑን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው ነውና ወዲያው ነቃ። «ደብተር አምጡ» አለ። ቁልፉን እንደገና ጻፍነው፤ እንዲህ ሆኖ፦ ለእያንዳንዱ ምክንያት 1፣ ምክንያቱ አፈሩን እንዴት እንደሚያስጠርግ ለማስረዳት 1፤ ሦስት ጊዜ ሁለት 6። ማብራሪያው ተጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ከታወቀ፣ ውጤቱ ግን ካልተጻፈ ግማሽ። ገበሬው የጠቀሱት ልቅ ግጦሽ ቢቸና በቀረው ቁልፍ ላይ አልነበረም፤ ትክክል ነውና ገባ። ለዚህ ነው ቁልፍ ከተዘጋጀ በኋላም ጥቂት ወረቀት ነጥብ ሳይሰጡ ማንበብ የሚያስፈልገው። አስተማሪው ያላሰበው ትክክለኛ መልስ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የንባቡ ነገር መጣ። «ሊታረስ» ወይስ «ሲታረስ»? ሰ እና ለን የምትለያቸው አናት ላይ ያለችው ጭረት ናት፤ ሲቸኩሉ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷ። የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን ወደ ፊተኛው ገጽ ገለበጠችው። ልጁ ተረጋግቶ በጻፈበት በአንደኛው ጥያቄ ላይ ሰ እንዴት እንደሚጽፍ አሳየችኝ፦ የግራ እግሯ አጭር ነው፣ የለ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ያለችው የግራ እግሯ አጭር ናት። ስለዚህ «ሲታረስ» ነው። ግምት አይደለም፤ የልጁ የራሱ እጅ መሰከረ። እንዲህ ተፈልጎም የማይነበብ ቃል ቢሆን ኖሮ ነጥብ አያገኝም ነበር፤ ሊሆን ይችላል ብሎ ነጥብ መስጠት ሌላውን ልጅ መበደል ነውና።

ከዚያ ጋሼ መልሱን ጮክ ብሎ አነበበው። በድምፅ ሲነበብ የተጋደመ ፊደል የለም፤ ሐሳቡ ብቻ ይቀራል። ሦስታችንም ሳንተያይ ነጥባችንን በየብጣሽ ወረቀታችን ላይ ጻፍን። ደን መመንጠር 1፣ ማብራሪያው ሙሉ ነው፣ 1። ቁልቁል ማረስ 1፣ «ትልሙ ውሃ» ብሎ ቀርቷል፤ ትልምና ውሃን አገናኝቷል፣ ውሃው ምን እንደሚያደርግ ግን አልተናገረም፣ ግማሽ። ዳገት 1፣ ማብራሪያ የለውም፣ ዜሮ። እኔ 4½፣ እሷ 4½፣ ጋሼ 4። ጋሼ «ለጅማሮ አልከፍልም» ብሎ በግማሿ ተከራከረ። ከ6 ወደ 4 የወረደው ራሱ መሆኑን እሷ ብታስታውሰው ሳቀ። በመጨረሻ ግማሿን የምንሰጥ ከሆነ ለሁሉም ልጅ እንድንሰጥ ተስማምቶ ቁልፉ ላይ አስጻፈን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሚኒባስ ውስጥ የታረሙት ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው። በዚህ ጊዜ የስም ቦታውን ወደ ኋላ አጠፍኩ። ጎበዝ የምለው ልጅ ሲጎድልበት «ያውቀዋል» እላለሁና። አንድን ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ማረሙንም ተውኩ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ የሁሉንም ተራ በተራ አረምኩ። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ አእምሮ ውስጥ አይዛነፍም፣ በሌላው ጥያቄ ጥሩ የሠራው ልጅ ነጥብም ወደዚህኛው አይሻገርም። ሌሊቱ ተጋመሰ። ጥቂት ወረቀት ወረደ፣ የሚበልጠው ወጣ፤ የወጡት ደግሞ በአብዛኛው ጽሑፋቸው የተንጋደደው ናቸው።

ያኔ ነው ሌላውን ነገር ያየሁት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሐሳቡን ሳይጨርስ የተቋረጠው አንድ ልጅ አልነበረም። ከክፍሉ እኩሌታው ያህል ነበር፤ በሌላው ጥያቄ ከፍተኛ ያመጡትም ጭምር። ጥቂት ልጆች ቢሆኑ ዝግጅት ጎደላቸው ይባላል። ጎበዙም ደካማውም አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ግን ያነሰው ሰዓቱ ነው። ብዙ መጻፍ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ለቀጣዩ ፈተና ወደ ፊት አመጣሁት፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ከፋፈልኩት፤ በእያንዳንዱ ሥር ለምክንያቱ አንድ መስመር፣ ለማብራሪያው ሁለት መስመር አሰመርኩ። ልጁ ከስንት ነገር ስንቱ እንደቀረው በዓይኑ እንዲያየው።

ጋሼ ጮክ ብሎ ያነበበውን ያን ወረቀት ለልጁ ስመልስ ከጎኑ በቀይ «ውሃውስ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጽፌበት ነበር። ልጁ አነበበና ቆሞ «ትልሙን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል መምህር፣ አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል» አለኝ፤ ሳይንተባተብ። ልክ ነው አልኩት። ነጥቡ ግን 4½ እንደሆነ ቀረ፤ ሌሎቹን በቃል አልጠየቅኳቸውማ።